42 ለ 13፦ የሼፈርድስ ቡሹ ክለብ የግብ ድምር ያልነገረው ነገር

በምዕራብ ለንደን፣ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በመኖሪያ ቤቶች ተከቦ የቆመ ትንሽ ስታዲየም አለ። ስሙ ሎፍተስ ሮድ ይባላል፤ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ የተባለው ክለብ መኖሪያ ነው። ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ የሚያወሱት እ.ኤ.አ. የ1975/76 የውድድር ዘመንን ነው። በዚያ ዓመት በአሠልጣኝ ዴቭ ሴክስተን የሚመራው ቡድን 42 ጨዋታዎቹን ሚያዝያ 24 ቀን 1976 አጠናቆ የሊጉ መሪ ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ጨዋታ የቀረው ሊቨርፑል ከአሥር ቀን በኋላ ዎልቭስን በሜዳው 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሊቨርፑል 60፣ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ 59 ነጥብ። ክለቡ ከዚያ ወዲህ ለእንግሊዝ ሻምፒዮንነት ያን ያህል ቀርቦ አያውቅም።

የዚያ ዓመት የደረጃ ሠንጠረዥ ስለ ሎፍተስ ሮድ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። በሜዳው 21 ጨዋታ፣ 17 ድል፣ 4 አቻ፣ ሽንፈት የለም፤ 42 ግብ አገባ፣ 13 ተቆጠረበት። ሁለቱ የግብ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢጻፉም እርስ በርስ አይተዋወቁም። 42ቱ ግቦች በየትኞቹ ጨዋታዎች እንደተቆጠሩ፣ 13ቱም በየትኞቹ ላይ እንደወደቁ ከድምሩ ማንበብ አይቻልም። የዚያ ዓመት ወሳኝ ነገር ግን የተደበቀው በዚሁ አጣማመር ውስጥ ነው። እርሱን ለማየት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የጣምራ ዕድል ሠንጠረዥ የሚሉትን ቀላል መሣሪያ ማውጣት ያስፈልጋል።

የአሠራሩ ሐሳብ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ፤ አንዱ ባለሜዳው ያገባው ግብ፣ ሌላው እንግዳው ያገባው። ሁለቱም 0፣ 1፣ 2 እያሉ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ግማሽ ግብ የለም። የባለሜዳውን ግብ በረድፍ፣ የእንግዳውን በዓምድ አድርጎ፣ በየመገናኛቸው ላይ ያ ውጤት ስንት ጊዜ እንደታየ መጻፍ ነው። የ21ዱ የሎፍተስ ሮድ ጨዋታዎች ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል።

| ሬንጀርስ ያገባው | እንግዳው 0 | እንግዳው 1 | እንግዳው 2 | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| 0 | 1 | 0 | 0 | 1 |
| 1 | 6 | 3 | 0 | 9 |
| 2 | 3 | 2 | 0 | 5 |
| 3 | 0 | 1 | 1 | 2 |
| 4 | 0 | 1 | 2 | 3 |
| 5 | 1 | 0 | 0 | 1 |
| ድምር | 11 | 7 | 3 | 21 |

በመካከል ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የእውነተኛ ጨዋታዎች መዝገብ ናቸው። በ1 ለ 0 ሳጥን ውስጥ ያሉት ስድስቱ ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ሌስተርን፣ ኒውካስልን፣ ሼፊልድ ዩናይትድን፣ በርንሊንና ማንቸስተር ሲቲን የረታባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ብቸኛው 0 ለ 0 ከቶተንሃም ጋር ነበር፤ ብቸኛው 5 ለ 0 ደግሞ ኤቨርተንን ያሸነፈበት። እያንዳንዱን ቁጥር ለ21 ማካፈል ቆጠራውን ወደ ዕድል ይለውጠዋል፤ 1 ለ 0 የመሆን ዕድል 6/21፣ ማለትም ወደ 0.29 ገደማ ይሆናል። የሁሉም ሳጥኖች ዕድል ሲደመር 1 መሆን አለበት። አንድ ሳጥን ተረስቶ ወይም ሁለቴ ተቆጥሮ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በሠንጠረዡ ዳርና በታች ያሉት ድምሮች የራሳቸው ስም አላቸው፤ የዳርቻ ዕድሎች ይባላሉ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስለሚጻፉ። በስተቀኝ ያለው ዓምድ እንግዳውን ፈጽሞ ረስቶ ስለ ሬንጀርስ ብቻ ይናገራል፤ ከ21 ጨዋታ በ9ኙ አንድ ግብ፣ በ5ቱ ሁለት ግብ አገባ፣ ወዘተ። የታችኛው ረድፍም እንዲሁ ስለ እንግዶቹ ብቻ ነው፤ በ11 ጨዋታ ምንም፣ በ7 አንድ፣ በ3 ሁለት ግብ አስቆጠሩ። ከእነዚህ ጠርዞች አማካዩን ማውጣት ይቻላል። ሬንጀርስ በጨዋታ በትክክል 2 ግብ (42/21)፣ እንግዶቹ 0.62 ግብ (13/21) ያገባሉ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የደረጃ ሠንጠረዥ የእነዚህ ጠርዞች ጭማቂ እንጂ የመካከሉ መዝገብ አይደለም።

ጠርዞቹን ከመካከሉ ማውጣት መደመር ብቻ ነው። መካከሉን ከጠርዞቹ መልሶ ማግኘት ግን፣ አንድ ትልቅ ግምት ካልተደረገ በቀር፣ አይቻልም። ግምቱም ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው የሚለው ነው። ነጻ ከሆኑ ሬንጀርስ ስንት እንዳገባ ማወቅ እንግዳው ስንት እንዳገባ ለመገመት ምንም አይጠቅምም፤ የእያንዳንዱ ሳጥን ዕድልም የረድፉና የዓምዱ ዕድል ብዜት ይሆናል። የሎፍተስ ሮድ ሠንጠረዥ ይህን ፈተና ያልፋልን?

የ1 ለ 2ን ሳጥን መመልከት ይበቃል። ሬንጀርስ አንድ ግብ ያገባባቸው 9 ጨዋታዎች አሉ፤ እንግዳው ሁለት ያገባባቸው 3 ጨዋታዎች አሉ። ነጻ ቢሆኑ 9 × 3 / 21፣ ማለትም 1.29 ያህል ጨዋታ በ1 ለ 2 ማለቅ ነበረበት። በሠንጠረዡ ግን ዜሮ አለ። በአንጻሩ 1 ለ 0 በነጻነት ስሌት 9 × 11 / 21 ወይም 4.71 ጊዜ ይጠበቅ ነበር፤ የሆነው 6 ጊዜ ነው። የ1 ለ 1 ሳጥን ደግሞ በአጋጣሚ ልክ ይገጥማል፤ 9 × 7 / 21 በትክክል 3 ነው፣ የታየውም 3 ነው። ይሁንና ነጻነት የሚጸናው ሁሉም ሳጥን ሲገጥም ብቻ ስለሆነ፣ በአንዱ ሳጥን ላይ መግጠሙ ሌላውን አያድነውም። ይህን መርሳት በዚህ ርእስ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ ተማሪው አንድ ሳጥን ፈትሾ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ነጻ ናቸው ብሎ ይደመድማል።

የሳጥኖቹ ልዩነት ወደየት እንደሚያዘነብል በአንድ ቁጥር የሚገልጸው ኮቫሪያንስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለቱን ግቦች እርስ በርስ አባዝቶ አማካዩን ማውጣት፣ ከዚያ የሁለቱን አማካዮች ብዜት መቀነስ። አንደኛው ቡድን ምንም ካላገባ ብዜቱ ዜሮ ስለሆነ የሚቆጠሩት ጥቂት ሳጥኖች ብቻ ናቸው። ሦስቱ 1 ለ 1 ጨዋታዎች 3 ይሰጣሉ፤ ሁለቱ 2 ለ 1 ደግሞ 4፤ 3 ለ 1 የተባለው 3፤ 3 ለ 2 የተባለው 6፤ 4 ለ 1 የተባለው 4፤ ሁለቱ 4 ለ 2 ጨዋታዎች 16። ድምሩ 36 ነው።

```
36/21 − (42/21) × (13/21) = 36/21 − 26/21 = 10/21 ≈ 0.48
```

ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ነው። ትርጉሙም በሎፍተስ ሮድ ሬንጀርስ ብዙ ባገባባቸው ቀናት እንግዶቹም ከወትሮው የበለጠ ያገቡ ነበር፣ ሬንጀርስ ግብ በጠማው ቀን እንግዶቹም ይጠማቸው ነበር ማለት ነው። እንግዶች ሁለት ግብ ያስቆጠሩባቸው ሦስት ጨዋታዎች፣ ከስቶክ፣ ከዎልቭስና ከሚድልስብሮ ጋር፣ የተጠናቀቁት 3 ለ 2፣ 4 ለ 2 እና 4 ለ 2 ነበር። ለተከላካዮቹ የከፉት ሦስት ቀናት ሁሉ ለአጥቂዎቹ ያማሩ ቀናት ሆኑ።

ይህ የነጥብ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ጠርዞች እንዳሉ ቀርተው መካከሉ ብቻ በነጻነት ስሌት ቢሞላ፣ ማለትም ያው 42 እና ያው 13 ግብ በዕጣ ቢጣመሩ፣ ምን ይጠበቅ ነበር? ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አስልቶ መደመር 15 ድል፣ 4.24 አቻ እና 1.76 ሽንፈት ይሰጣል። በዚያ ዘመን ድል ሁለት ነጥብ፣ አቻ አንድ ነጥብ ስለነበር ይህ 34.24 ነጥብ ነው። ሬንጀርስ በሜዳው የሰበሰበው 38 ነው። ወደ አራት የሚጠጋው ልዩነት አንድ ተጨማሪ ግብ ሳይቆጠር፣ አንድም ሳይቀነስ፣ ከአጣማመሩ ብቻ የመጣ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቀር ቡድኑ በ55 ነጥብ አካባቢ፣ 56 ከነበረው ማንቸስተር ዩናይትድ በታች በጨረሰ ነበር። በአንዲት ነጥብ የተነጠቀ ዋንጫ እየተባለ የሚታዘንለት ቡድን፣ ከዚያች ነጥብ የሚበልጥ ነገር በግቦቹ አቀማመጥ እንዳገኘ ማንም አያነሳለትም።

ምክንያቱ በአንድ ቀመር ይታያል። ጨዋታን የሚወስነው የግብ ልዩነት ነው። የልዩነቱ መዋዠቅ የሚለካው የሁለቱን ቡድኖች መዋዠቅ ደምሮ ኮቫሪያንሱን ሁለት ጊዜ በመቀነስ ነው። በሎፍተስ ሮድ የሬንጀርስ ግብ መዋዠቅ፣ ቫሪያንስ የሚባለው፣ 1.71 ነው፤ የእንግዶቹ 0.52። ነጻ ቢሆኑ የግብ ልዩነቱ ቫሪያንስ 2.24 ይሆን ነበር። ኮቫሪያንሱ ወደ 1.28 ያወርደዋል። አማካይ ልዩነቱ 1.38 ግብ ሆኖ መዋዠቁ ሲቀንስ፣ ከዜሮ በታች መውረድ፣ ማለትም መሸነፍ፣ ብርቅ ይሆናል። ለጠንካራ ቡድን አዎንታዊ ኮቫሪያንስ እንደ መድን ነው። ለደካማ ቡድን ግን ተቃራኒው ነው፤ አልፎ አልፎ የሚያድነውን መዋዠቅ ይወስድበታል።

የሜዳው ውጭ ጨዋታዎች ታሪክ ፈጽሞ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ሬንጀርስ ከሜዳው ውጭ 7 አሸነፈ፣ 7 አቻ ወጣ፣ 7 ተሸነፈ፤ 25 አገባ፣ 20 ተቆጠረበት። ከሽንፈቶቹ አንዱ ዋንጫውን ያስመለጠው የሚያዝያ 17ቱ የኖርዊች 3 ለ 2 ነው። የእነዚህ 21 ጨዋታዎች የግብ ብዜት ድምር 24 ነው፤ ኮቫሪያንሱም 24/21 ሲቀነስ (25/21) × (20/21)፣ ይኸውም 4/441 ወይም 0.009 ይሆናል። ከዜሮ አይለይም ማለት ይቻላል። ተመሳሳይ ተጫዋቾች፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ግን በአንዱ ሠንጠረዥ ሁለቱ ቁጥሮች ተያይዘው ሲሄዱ በሌላው አይተዋወቁም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሁለት ቁጥሮች ነጻ ከሆኑ ኮቫሪያንሳቸው ዜሮ ነው፤ ኮቫሪያንሱ ዜሮ ስለሆነ ግን ነጻ ናቸው ማለት አይቻልም። ሦስት ጨዋታ ብቻ የተጫወተ ቡድን ይታሰብ፤ ውጤቶቹ 0 ለ 1፣ 1 ለ 0 እና 2 ለ 1። የብዜቶቹ አማካይ 2/3 ነው፤ የአማካዮቹ ብዜትም 1 × 2/3 ነው፤ ኮቫሪያንሱ ዜሮ። ሆኖም ይህ ቡድን አንድ ግብ አገባ የሚለውን የሰማ ሰው እንግዳው ምንም እንዳላገባ በእርግጠኝነት ያውቃል። ከዚህ የበለጠ ጥገኝነት የለም። ኮቫሪያንስ የሚያየው ቀጥታ መስመርን ብቻ ነው፤ ወጣ ገባ የሚለው ግንኙነት ያመልጠዋል። ስለዚህ የሜዳው ውጭ ሠንጠረዥም ቢሆን በየሳጥኑ መፈተሽ አለበት። ሲፈተሽ አብዛኞቹ ሳጥኖች ከሚጠበቀው ከአንድ ጨዋታ ባነሰ ነው የሚለያዩት፤ 0 ለ 0 በስሌት 2.67፣ በእውን 3፤ 1 ለ 1 በስሌት 2.33፣ በእውን 3።

የሎፍተስ ሮድ 0.48 ራሱ ዕጣ ያመጣው ይሆን? ይህን የሚመልስ ቀላል ሙከራ አለ። 21ዱን የሬንጀርስ ግቦች በ21 ወረቀት፣ የእንግዶቹንም በሌላ 21 ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አንዱን ክምር በውዞ እንደገና ማጣመር ነው። በእንዲህ ያለ ውዘት የሚገኙት ኮቫሪያንሶች በዜሮ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ የተለመደው ርቀታቸው 0.21 ያህል ነው። የታየው 0.48 ከዚህ ከሁለት እጥፍ በላይ ይርቃል። ብርቅ ነው፤ የማይሆን ግን አይደለም።

ነገር ግን ከዕጣ ይልቅ የሚያሳስቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የተሰወረ ሦስተኛ ነገር ነው። የሜዳው ጨዋታዎች በአዲስ ዓመት ለሁለት ቢከፈሉ፣ እስከ ታኅሣሥ 1975 መጨረሻ ባሉት 13 ጨዋታዎች ሬንጀርስ 20 አገባ፣ 5 ተቆጠረበት። ከጥር 1976 ጀምሮ ባሉት 8 ጨዋታዎች 22 አገባ፣ 8 ተቆጠረበት። በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳው ላይ ግብ በዛ፤ በሁለቱም በኩል። ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ወቅቶች በአንድ ሠንጠረዥ ሲደባለቁ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ወቅት ውስጥ ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ፣ አዎንታዊ ኮቫሪያንስ ይፈጠራል። እዚህ ሲሰላ ከ0.48ቱ 0.18 ያህሉ፣ ከሢሶ በላይ፣ የመጣው ከወቅቶቹ ልዩነት ነው። የቀረው 0.30 በየወቅቱ ውስጥ ያለ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ስውር ነው። ይህ ዓመት ለምርመራ የተመረጠው ቡድኑ በሜዳው ስላልተሸነፈ ነው። ሽንፈት የሌለበት ዓመት ሲመረጥ፣ እንግዳው የሚበልጥባቸው የሠንጠረዡ ሳጥኖች ገና ከመጀመሪያው ባዶ እንዲሆኑ ታዘዘ ማለት ነው። እንግዳው ሁለት ካገባ ሬንጀርስ ቢያንስ ሁለት ማግባት ግዴታው ይሆናል። ግንኙነቱን የፈጠረው ሜዳው ሳይሆን መራጩ ሊሆን ይችላል። አንድን ነገር በውጤቱ ማማር መርጦ ከዚያ ስለ ምክንያቱ ማስላት በእግር ኳስ ብቻ ያልተወሰነ ስሕተት ነው።

በሰፊ መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት መጠነኛ ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሚካኤል ማኸር የእንግሊዝ ሊግ ግቦችን አጥንቶ የነጻነት ግምት መልካም መነሻ መሆኑን፣ ነገር ግን በሁለቱ ቡድኖች ግብ መካከል 0.2 ያህል ተዛምዶ ሲጨመር ስሌቱ እንደሚሻሻል ጻፈ። ተዛምዶ የሚባለው ኮቫሪያንሱ ለሁለቱ ቫሪያንሶች ብዜት ካሬ ሥር ተካፍሎ ከ1 እንዳይበልጥ የተደረገ መለኪያ ነው፤ የሎፍተስ ሮዱ በዚህ ሲለካ 0.50 ይሆናል። በ1997 ደግሞ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ማርክ ዲክሰንና ስቱዋርት ኮልስ ችግሩ በአራት ሳጥኖች ላይ እንደሚከማች አሳዩ፤ 0 ለ 0፣ 1 ለ 0፣ 0 ለ 1 እና 1 ለ 1። ሁለቱ አቻዎች ከነጻነት ስሌት በላይ፣ ሁለቱ የአንድ ግብ ድሎች ከዚያ በታች ይታያሉ። ያቀረቡት ማስተካከያ ከአንዱ ሳጥን የወሰደውን ለሌላው ስለሚሰጥ ጠርዞቹን አይነካም፤ መካከሉን ብቻ ያደላድላል። የ1975/76ቱ ሬንጀርስ በሜዳው ከዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ስድስት 1 ለ 0 ድሎች።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጽሑፍ የተነሳው ከውርርድ ገበያ ነው፤ ዛሬም ጉዳዩ በለንደንም ሆነ በአዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች ውስጥ ኪስ ይነካል። አንድ ሰው ባለሜዳው ሁለትና ከዚያ በላይ ያገባል፣ እንግዳውም ቢያንስ አንድ ያገባል ብሎ በአንድ ጊዜ ሊገምት ይችላል። ከጠርዞቹ ብቻ ካሰላ የመጀመሪያው ዕድል 11/21፣ የሁለተኛው 10/21 ነው፤ ብዜታቸው 0.25፣ ከአራት አንድ። የሎፍተስ ሮድ ሠንጠረዥ መካከል ግን ሁለቱም የተፈጸመባቸው ጨዋታዎች 7 ናቸው፤ ከሦስት አንድ። በልማድ የውርርድ ቤቶች ከአንድ ጨዋታ የተወሰዱ ሁለት ግምቶችን እንደ ተራ ብዜት የማይከፍሉት ይህን ልዩነት ስለሚያውቁ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥምር ግምት ለብቻው ዋጋ ያወጣሉ፣ ዋጋውም የሚወጣው ከመካከሉ ሳጥኖች ነው።